«ሪስታርት አድርጉት» ብቻ የማይበቃው ርክክብ

በስልካችን ገንዘብ ልከን «ተሳክቷል» የሚለውን መልእክት ስንጠብቅ፣ ከመልእክቱ ጀርባ ሌሊትም ሆነ በዓል ስልኩን ሳያጠፋ የሚተኛ ተረኛ ባለሙያ አለ። ሲስተሙ ሲታመም ማንቂያው እሱን ይቀሰቅሰዋል፤ ተነሥቶ ሕመሙን መለየትና ማከም ያለበትም እሱ ነው። አገልግሎቱ የተረጋጋ ከሆነ ይህ ሥራ ለማንም ይተላለፋል። አንዳንድ አገልግሎት ግን በየሳምንቱ ይወድቃል። እንዲህ ያለውን ሲያስታምም የከረመ ተረኛ የሚያውቀው አብዛኛው ነገር በየትኛውም ሰነድ ላይ አይገኝም። ያ ሰው ሥራ ሲለቅ ጽፎት የሚሄደው ማስታወሻ ለተተኪው ከሲስተሙ ንድፍ ይበልጥ የሚያስፈልግበት ጊዜ ብዙ ነው።

የተለመደው የርክክብ ወረቀት የሰርቨሮቹን ስም፣ የይለፍ ቃሎቹ የሚቀመጡበትን ቦታና የአለቆችን ስልክ ይዘረዝርና መጨረሻው ላይ «አገልግሎቱ አንዳንዴ ይቆማል፤ ሪስታርት ሲደረግ ይነሣል» ይላል። አባባሉ ውሸት የለበትም። ነገር ግን ከውጭ ሲታዩ አንድ የሚመስሉ፣ መድኃኒታቸው ግን ተቃራኒ የሆነ ሕመሞች እንዳሉ አይናገርም። ተተኪውን ሌሊት ላይ የሚያሳስተው ይኸው ነው።

ለምሳሌ አንድ የክፍያ ማረጋገጫ አገልግሎት እንውሰድ። ፕሮግራሙ በ4 ሰርቨሮች ላይ ተባዝቶ ይሠራል፤ እያንዳንዱ ሰርቨር ክፍያዎቹ ወደሚመዘገቡበት ዳታቤዝ እስከ 20 ግንኙነት ይከፍታል። ዳታቤዙ ፖስትግሬስ ነው። ፖስትግሬስ ማንም ሳይነካው የሚፈቅደው የግንኙነት ብዛት 100 ሲሆን፣ ከእነዚህ 3ቱን ለአስተዳዳሪው ይይዛል። ግንኙነቶቹን የባንክ መስኮቶች ብንላቸው፣ ለሕዝብ የተከፈቱት 97 ናቸው፤ አገልግሎታችን እስከ 80 ይይዛል፣ የቀሩት ለሪፖርትና ለሌሎች ሥራዎች ይውላሉ።

የምትለቀው ተረኛ በማስታወሻዋ በመጀመሪያ የምትጽፈው ውድቀት መስኮቶቹ ተይዘው ሳለ ሥራ የማይሠራባቸው ሲሆኑ የሚመጣው ነው። ፕሮግራሙ አንድን ክፍያ መመዝገብ ይጀምርና፣ መዝገቡን ሳይዘጋ ገንዘቡ የሚወጣበትን ባንክ «ትፈቅዳለህ?» ብሎ ይጠይቃል። ባንኩ በአንድ ሰከንድ ሲመልስ ችግር የለም። የባንኩ ሲስተም ሲዘገይ ግን እያንዳንዱ ክፍያ አንድ መስኮት ይዞ ይቆማል፤ ትንሽ ቆይቶ 80ውም ይያዛሉ። ደንበኛው ስልኩ ላይ የምትሽከረከር ክብ ብቻ ያያል። የሚገርመው ዳታቤዙ በዚያ ሰዓት ሥራ ፈት ነው፤ የሰርቨሩን ጭነት የሚያሳየው ሰሌዳ ሰላም ነው ይላል። ስለዚህ ተተኪው ሰሌዳውን ትቶ ይህን እንዲጠይቅ ትነግረዋለች፦

```sql
SELECT state, count(*)
FROM pg_stat_activity
GROUP BY state;
```

መልሱ ውስጥ `idle in transaction` የሚለው ቁጥር ከሁሉም በልጦ ከተገኘ ሕመሙ ይህ ነው። እዚህ ላይ ሪስታርት ይሠራል፤ የተያዙት መስኮቶች ይለቀቃሉ። ሆኖም ዋጋ ያስከፍላል። ግንኙነቱ ሲቋረጥ ዳታቤዙ ያላለቀውን መዝገብ እንዳልነበረ ያደርገዋል፤ ባንኩ ግን ጥያቄው ደርሶት ገንዘቡን ከላኪው ሂሳብ አውጥቶ ሊሆን ይችላል። ጠዋት ላይ ገንዘቡ የጠፋበት ደንበኛ የሚመጣው በዚህ መንገድ ነው። ማስታወሻው ስለዚህ እንዲህ ይላል፦ «ሪስታርት ከማድረግህ በፊት በዚያች ደቂቃ ተንጠልጥለው የነበሩትን ክፍያዎች ቁጥር ከሎጉ አውጥተህ አስቀምጥ። ጠዋት ለሂሳብ ክፍል ስጣቸው፤ ከባንኩ መዝገብ ጋር አንድ በአንድ ያስታርቋቸዋል።» ዘላቂው መፍትሔ ባንኩን የሚጠይቀውን ሥራ ከመዝገቡ ውጭ ማውጣት ነው። እስከዚያው ሥራ የፈታ መዝገብን በራሱ የሚዘጋ `idle_in_transaction_session_timeout` የሚባል ቅንብር አለ፤ ካላበሩት ግን ጠፍቶ ነው የሚኖረው። ተረኛዋ አብርታው እንደሆነ፣ ካላበራችውም ለምን እንደተወችው መጻፍ አለባት።

ሁለተኛው ውድቀት የበዓል ዋዜማና ደመወዝ የሚገባበት ቀን ይወዳል። ለደንበኛው ያችው ክብ ትሽከረከራለች፤ የተረኛው ስልክ ላይም ያው ማንቂያ ይጮኻል። አሁን ግን ያንኑ ጥያቄ ዳታቤዙን ሲጠይቁት አብዛኛው `active` ነው፤ ጭነቱም ጣራ ነክቷል። የበለጠ የሚያረጋግጠው ምልክት ሌላ ነው፤ የሚገቡት ጥያቄዎች ከወትሮው ብዙ እጥፍ ሲሆኑ የተለያዩት ክፍያዎች ቁጥር ግን ያን ያህል አላደገም። አንዱ ክፍያ ደጋግሞ እየመጣ ነው ማለት ነው። ምክንያቱን ማስላት ይቻላል። የስልኩ አፕ መልስ ሲያጣ እስከ 3 ጊዜ ይሞክራል፤ መሐል ያለው ሰርቨር እያንዳንዱን ሙከራ 3 ጊዜ ይሞክራል፤ የእኛም አገልግሎት ዳታቤዙን እንዲሁ 3 ጊዜ። አንድ ሰው አንድ ጊዜ የነካው ቁልፍ ዳታቤዙ ጋ ሲደርስ እስከ 27 ጥያቄ ይሆናል። ሰውየው ተስፋ ቆርጦ እንደገና ሲነካው ደግሞ 54።

በዚህ ሰዓት ሪስታርት ማድረግ እሳቱ ላይ ቤንዚን መጨመር ነው። ፕሮግራሙ ሲነሣ የሚጠብቁት ሁሉ በአንድ ጊዜ ይገቡበታል፤ በማስታወሻው ይዞት የነበረውም መረጃ ባዶ ስለሆነ ሁሉንም ከዳታቤዙ መጠየቅ ይኖርበታል። ስለዚህ ተነሥቶ ወዲያው ይወድቃል። ሌላው ተተኪው የሚፈተንበት ነገር «ሰርቨር ልጨምር» የሚለው ሐሳብ ነው። ለአብዛኛው አገልግሎት ሰርቨር መጨመር ይረዳል። እዚህ ግን አምስተኛው ሰርቨር ሌላ 20 ግንኙነት ይዞ ሲመጣ ድምሩ 100 ይሆናል፤ ለሕዝብ የተከፈቱት መስኮቶች ደግሞ 97 ናቸው። ሎጉ ውስጥ `remaining connection slots are reserved` የሚል ስሕተት መውጣት ይጀምራል፤ እስካሁን ደህና የነበሩት ሰርቨሮችም መግቢያ ያጣሉ። እኔ ይህን ማስታወሻ የምጽፈው ብሆን «አምስተኛ ሰርቨር አትጨምር» የሚለውን ከነስሌቱ ከላይ አደርገው ነበር፤ ምክንያቱ ያልተጻፈበት ክልከላ ሌሊት ላይ ይጣሳልና። ትክክለኛው እርምጃ በሩን ማጥበብ ነው፦ ከሚመጣው ጥያቄ የተወሰነውን ወዲያው «ቆይተው ይሞክሩ» ብሎ መመለስ፣ ዳታቤዙ ሲተነፍስ ቀስ በቀስ መክፈት። ደንበኛን መመለስ ስለሚከብድ፣ ተረኛው ይህን ያለ አለቃ ፈቃድ ማድረግ እንደሚችል በጽሑፍ መስፈር አለበት። አለበለዚያ ፈቃድ ፍለጋ ሲደወል ዋዜማው ያልፋል።

የሰዓት ነገር ብዙ ጊዜ ስለሚዘነጋ እዚህ ላይ ላንሣው። ሰርቨሮች ሎጋቸውን የሚጽፉት አብዛኛውን ጊዜ በዓለም አቀፉ ሰዓት ሲሆን፣ እኛ ደግሞ ከዚያ 3 ሰዓት እንቀድማለን፤ በዚያ ላይ የምንቆጥረው ከንጋት ጀምረን ነው። ደንበኛው «ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ላክሁ» ሲል ሎጉ ውስጥ የሚፈለገው 18:00 ነው። ይህን ያላወቀ ተተኪ 03:00 ላይ ሲያስስ ያድርና «ምንም አልተፈጠረም» ይላል። ማስታወሻው ላይ እያንዳንዱ ሰዓት በየትኛው አቆጣጠር እንደተጻፈ መለየት አለበት።

ከውድቀቶቹ ባልተናነሰ የሚያሳስበኝ ውድቀትን ደብቀው የሚኖሩ ጥገናዎች ናቸው። በእኛ ምሳሌ እያንዳንዱ ሰርቨር ላይ ይህች መስመር አለች፦

```
0 0 * * * systemctl restart confirm
```

ሰርቨሩ እኩለ ሌሊት ሲል በእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው፤ አገልግሎቱ በዚያን ጊዜ በየቀኑ ጠፍቶ ይነሣል። መስመሯን ያስገባት ሰው ምክንያት ነበረው። ፕሮግራሙ የወሰደውን ሜሞሪ ሳይመልስ እየጨመረ ይሄዳል፤ ሳይነኩት ቢከርም ሜሞሪው ይሞላና የሰርቨሩ ከርነል ራሱ ይገድለዋል፤ የሲስተሙ ሎግ ላይም `Out of memory: Killed process` ይጻፋል። አዲሱ ሰው ያለ ምክንያት የተቀመጠች መስሏት ቢያጠፋት፣ ችግሩ የሚታየው በማግስቱ ሳይሆን ቀናት ቆይቶ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ከመስመሯ ጋር የሚያያይዘው የለም። ስለዚህ ማስታወሻው መስመሯ ለምን እንደተቀመጠችና ምን ሲስተካከል መውጣት እንደምትችል አብሮ ይናገራል።

መጠባበቂያ ቅጂም እንዲሁ ነው። «በየቀኑ ባክአፕ ይደረጋል» ተብሎ ይጻፋል፤ ቅጂው መልሶ ተሞክሮ እንደሆነ ግን አይጠቀስም። በጥር 31 ቀን 2017 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ጊትላብ የተባለው ድርጅት የደረሰበት ይህን በደንብ ያሳያል። አንድ ባለሙያ ሌሊት ላይ ተጠባባቂው ዳታቤዝ የመሰለውን ሲያጸዳ፣ ያጠፋው ዋናውን ነበር፤ 300 ጊጋባይት ገደማ ከነበረው ጥቂቱ ብቻ ተረፈ። ወደ ባክአፑ ሲዞሩ ባዶ ሆኖ አገኙት። ቅጂውን የሚያወጣው መሣሪያ ከዳታቤዙ ጋር በማይገጥም አሮጌ ስሪት ሲሠራ ስለነበር ቀድሞም ቅጂ አያወጣም ነበር፤ መክሸፉን የሚያሳውቁት ኢሜይሎችም ተቀባይ ጋ አይደርሱም ነበር። የዳኑት ከ6 ሰዓት ያህል በፊት ለሌላ ሥራ በተነሣ ቅጂ ሲሆን፣ የዚያ 6 ሰዓት መረጃ ቀረ። ድርጅቱ ይህን ሁሉ ራሱ ለሕዝብ ስለጻፈው ነው ዛሬ የምናውቀው። ከባክአፕ ጎን መጻፍ ያለበት ነገር ለመጨረሻ ጊዜ በማን፣ መቼ ተመልሶ እንደተሞከረና ምን ያህል ሰዓት እንደፈጀ ነው።

በመጨረሻ ተረኛዋ ራሷ ያልፈታችው ይቀራል። በአንዳንድ ቀናት አገልግሎቱ ለአንድ ደቂቃ ያህል ይቆምና ማንም ሳይነካው ይነሣል። እሷ የሂሳብ ክፍል የሚያወጣው ሪፖርት ዋናውን ሠንጠረዥ እየቆለፈ ይመስላታል፤ ግን አላረጋገጠችም። ይህን «ምክንያቱ ሪፖርቱ ነው» ብላ ብትጽፍ ተተኪው ሌላ ቦታ አይፈልግም፤ ሳትጽፈው ብትቀር ደግሞ ከዜሮ ይጀምራል። ስለዚህ ማስታወሻዋ ላይ «ጥርጣሬ፣ ያልተረጋገጠ» የሚል ርእስ አድርጋ ከሥሩ እንዲህ ትላለች፦ «ሲቆም ምንም አታጥፋ፤ ራሱ ይነሣል። ያለህ አንድ ደቂቃ ነው፤ ከታች ያለውን አስቀድመህ ከፍተህ አቆየውና ያወጣውን ሁሉ ከነሰዓቱ አስቀምጥ። የሚያግደው ከሪፖርቱ ሌላ ከሆነ ግምቴን ሰርዘው።»

```sql
SELECT w.pid, w.query, b.pid AS blocker_pid, b.query AS blocker_query
FROM pg_stat_activity w
JOIN pg_stat_activity b ON b.pid = ANY(pg_blocking_pids(w.pid));
```