አንድን ከተማ ለብቸኛ አከፋፋይ ለመስጠት ስለሚቀርብ የውል ሐሳብ

«የደሴን ከተማ ለእርስዎ ብቻ ሰጥቻለሁ» የሚል አጭር ደብዳቤ ለጊዜው ወዳጅነትን ያጸናል፤ ነገር ግን «ብቻ» የምትለው ቃል ወሰን ካልተበጀላት ኋላ የክርክር ምንጭ ትሆናለች። ስለዚህ የባትሪ ድንጋይ ከውጭ አገር የሚያስመጣ አንድ የአዲስ አበባ ነጋዴ ለደሴ ጅምላ ነጋዴ የሚያቀርበውን ሐሳብ በምሳሌ እንመልከት።

በመጀመሪያ ወሰኑ ይገለጻል። ደሴ ሲባል ከተማዋ ብቻ እንጂ ኮምቦልቻ አለመጨመሯ፣ ብቸኝነቱም ስሙ ለተጠቀሰው የንግድ ምልክት ብቻ መሆኑ በግልጽ ይጻፋል። ከዚህ ይልቅ የሚከብደው የመርካቶ ነገር ነው። አስመጪው ራሱ ለደሴ ባለሱቆች እንደማይሸጥ ቃል ሊገባ ይችላል፤ ከእርሱ የገዛ የመርካቶ ነጋዴ ግን ዕቃውን ወደ ደሴ ቢጭን ለማገድ ይቸግረዋል። እንግዲህ «በደሴ ሌላ ሰው አይሸጥም» ከማለት «እኔ በደሴ ለሌላ ሰው አልሸጥም» ብሎ መጻፍ ይሻላል።

ሁለተኛው፣ ሊሸጥ የሚገባው መጠን ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት በየወሩ 100 ካርቶን፣ ለተከታዮቹ ሦስት ወራት በየወሩ 150 ካርቶን ቢባል በስድስት ወር 750 ይሆናል። የሚቈጠረውም አከፋፋዩ ከአስመጪው የገዛው ሳይሆን ለባለሱቆች የሸጠው መሆን አለበት። አከፋፋዩ በሦስት ወር 300 ካርቶን ወስዶ በመጋዘኑ 120 ቢገኝ፣ የተሸጠው 180 ብቻ ነው። ይህ ሳይታወቅ ከቀረ በወረቀት ላይ ግዴታው የተፈጸመ ይመስላል፤ በአራተኛው ወር ግን ትእዛዝ ሲቋረጥ ነገሩ ይገለጣል። ስለዚህ በየወሩ መጨረሻ የመጋዘን ቈጠራና የደረሰኝ ግልባጭ እንዲላክ ይጠየቃል።

ሦስተኛው፣ ውሉ የሚመረመርበት ጊዜ ነው። በስድስተኛው ወር መጨረሻ ሽያጩ ከመቶ 80 እጅ በታች ቢሆን፣ ውሉን ከማፍረስ ብቸኝነቱን ብቻ ማንሣት ይበጃል፤ አከፋፋዩ እንደ ማንኛውም ደንበኛ እየገዛ ይቀጥላል። ነገር ግን ጥፋቱ የአስመጪው የሆነ እንደ ሆነ ሚዛኑ ይስተካከላል። ለምሳሌ ጭነት ዘግይቶ አከፋፋዩ አምስተኛውን ወር ያለ ዕቃ ቢያሳልፍ፣ ከ750 ላይ የዚያ ወር 150 ተቀንሶ 600 ይቀራል፤ የዚህም ከመቶ 80 እጅ 480 ነው። አከፋፋዩ በጠቅላላው 500 ካርቶን ከሸጠ ብቸኝነቱ ይጸናለታል። ይህ ቅነሳ ባይጻፍ ኖሮ ከ600 በታች ሸጠ ተብሎ በሌላው ጥፋት መብቱን ያጣ ነበር።

በመጨረሻም አስመጪው ለባለሱቆች ዝቅተኛ የችርቻሮ ዋጋ በውሉ ከመወሰን ይጠንቀቅ፤ በ2006 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 813 ይህን ከልክሏልና። ደብዳቤው ሲላክም የመመርመሪያው ዕለት በቀንና በወር ተለይቶ ይጻፍ፤ ቀኑ ያልተቈረጠ ምርመራ የሚታወሰው ጠብ ከተነሣ በኋላ ነው።