ለጀማሪ ዳታ አናሊስት ማመልከቻ ምን ይጻፋል?

ስታቲስቲክስ አጥንተው የተመረቁ ወጣቶች ለዳታ አናሊስትነት ሲያመለክቱ የሚጽፉት ደብዳቤ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። «በስታቲስቲክስ የመጀመሪያ ዲግሪዬን በጥሩ ውጤት አጠናቅቄያለሁ፤ ኤክሴል፣ ኤስፒኤስኤስ፣ ስቴታና ፓይተን እችላለሁ፤ ታታሪና ከሰው ጋር ተግባቢ ነኝ» ይላል። ውሸት የለበትም። ነገር ግን «ዜሮ ዓመት» ተብሎ በወጣ ማስታወቂያ ላይ የሚወዳደሩት ሁሉ ይህንኑ ጽፈዋል፤ ዲግሪውና የፕሮግራሞቹ ስምም ሲቪው ላይ ሰፍሯል።

ደብዳቤውን የሚያነበው የክፍል ኃላፊ ጀማሪ ሲቀጥር የሚፈራው ሌላ ነገር ነው። ጀማሪው የተሳሳተ ቁጥር ያወጣል፣ መሳሳቱን አያውቅም፣ ቁጥሩም ሪፖርት ውስጥ ገብቶ ከቢሮ ይወጣል። ፕሮግራም ያልለመደ ሰው ሥራው ላይ ሆኖ ይለምዳል። ራሱ ያወጣውን ቁጥር የመጠርጠር ልማድ የሌለው ሠራተኛ ግን ከኋላው ሌላ ሰው ተቀምጦ ሥራውን እንዲያጣራለት ይፈልጋል። ስለዚህ ደብዳቤው ሊያሳይ የሚገባው አመልካቹ ቁጥሩን እንዴት እንደሚፈትሽ ነው። ለዚህ ደግሞ ትንሽ ሥራ ይበቃል።

አንዲት አዲስ ተመራቂ ሁለት ትናንሽ ሥራዎች አሏት እንበል። የመጀመሪያው በ2016 እ.ኤ.አ. በተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ላይ የተመሠረተ ነው። ጥናቱን ያካሄደው የያኔው ማዕከላዊ ስታቲስቲክስ ኤጀንሲ ሲሆን፣ ጥሬ መረጃው ለጥናት ለሚጠይቁና ለሚመዘገቡ ሰዎች በነፃ ሲሰጥ የቆየ ነው። ተመራቂዋ ማወቅ የፈለገችው ከጥናቱ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት ውስጥ ከተወለዱት ሕፃናት ስንቱ በጤና ተቋም እንደተወለዱ ነው። በጤና ተቋም የተወለዱትን ቆጥራ ለጠቅላላው ስታካፍል 33 ከመቶ ገደማ አገኘች። የታተመው ሪፖርት ግን 26 ከመቶ ይላል።

ልዩነቱ የመጣው ከናሙናው አወጣጥ ነው። ጥናቱ ለእያንዳንዱ ክልል ለብቻው ውጤት እንዲያወጣ ስለተፈለገ፣ እንደ ሐረሪ፣ ድሬዳዋና ጋምቤላ ካሉ የሕዝብ ቁጥራቸው አነስተኛ ከሆነ አካባቢዎች ከድርሻቸው በላይ ብዙ ሰው ተጠይቋል። እነዚህ ሦስቱ በጤና ተቋም በመውለድ ከአገር አቀፉ አማካይ ይበልጣሉ። ብዙ ሕዝብ ያለው ኦሮሚያ ደግሞ በዚያ ጥናት 19 ከመቶ ላይ ነበር፤ በናሙናው ውስጥ ያለው ቦታ ግን ከሕዝቡ ብዛት ጋር ሲተያይ ያነሰ ነው። ይህን ለማስተካከል በመረጃው ውስጥ `v005` የሚባል የናሙና ክብደት የያዘ ዓምድ አለ። ለ1,000,000 ተካፍሎ በስሌቱ ውስጥ ሲገባ እያንዳንዱ ክልል ተገቢውን ቦታ ይይዛል። ተመራቂዋ ይህን ስታደርግ ቁጥሩ ወርዶ ከሪፖርቱ ጋር ገጠመ።

ይህ ሁሉ በደብዳቤ ላይ «በሥነ ሕዝብና ጤና መረጃ ላይ ትንታኔ ሠርቻለሁ» ተብሎ ከተጻፈ የጠፋ ሥራ ነው። እኔ እንዲህ ቢጻፍ እመርጣለሁ፦

«ከ2016 እ.ኤ.አ. የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ጥሬ መረጃ ተነሥቼ በጤና ተቋም የተወለዱ ሕፃናትን ድርሻ አስልቼ ነበር። የመጀመሪያ ውጤቴ 33 ከመቶ ገደማ ሆነ፤ የታተመው ሪፖርት ግን 26 ይላል። ምክንያቱን ስፈልግ የናሙና ክብደቱን እንዳላስገባሁ አገኘሁ። አስገብቼ ደግሜ ሳሰላ ውጤቱ ከሪፖርቱ ጋር ተስማማ። የየክልሉን ሠንጠረዥ ያዘጋጀሁት ይህን ካረጋገጥኩ በኋላ ነው።»

አምስት ዓረፍተ ነገር ነው። ስለ ትጋት የሚናገር ቃል የለበትም፤ አንባቢው ግን ይህች ልጅ ቁጥሯን ከውጭ ምንጭ ጋር እንደምታስተያይ አውቋል። ስህተቱን መጻፍ ያሳፍራል ብለው የሚደብቁት ብዙዎች ናቸው። የተገኘና የታረመ ስህተት ግን በዚህ ሙያ የሥራው አካል ነው፤ ከደብዳቤው ውስጥ ዋጋ ያለውም እሱ ነው።

ሁለተኛው ሥራዋ የሰፈር ሱቅ ሽያጭ ነው። ባለሱቁ በደብተር የመዘገበውን የጥቂት ወራት ሽያጭ ኤክሴል ላይ ገልብጣ በየወሩ ደመረችው። የጥቅምት ሽያጭ ከሌሎቹ ወራት አንሶ ታየ። ባለሱቁ ግን እንዲህ ያለ መቀነስ አያስታውስም። ቀኖቹ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነበር የተጻፉት፤ ኤክሴል ደግሞ ቀኖቹን የሚያነበው በፈረንጁ ነው። 12/2 ተብሎ የተጻፈውን ጥቅምት 12 ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ፌብሩዋሪ 12 አድርጎ ወሰደው። 30/2 ሲደርስ ግን ፌብሩዋሪ 30 የሚባል ቀን ስለሌለ እንደ ተራ ጽሑፍ ተወው፤ የወሩ መጨረሻ ሽያጭም ከድምሩ ውጭ ቀረ። ምልክቱ ዓይን ላይ ነው፦ ኤክሴል ቀን ብሎ የተቀበለውን ወደ ቀኝ፣ ጽሑፍ ያደረገውን ወደ ግራ አስጠግቶ ያስቀምጣል። መፍትሔው ቀንን፣ ወርንና ዓመትን በሦስት የተለያዩ ዓምዶች መጻፍ ነው። እዚህ አገር በእጅ የተመዘገበ መረጃ የሚሰበስብ መሥሪያ ቤት ሁሉ ይህ ጣጣ ስለሚያጋጥመው፣ ያየውና የፈታው አመልካች ቢጠቅሰው አንባቢው ወዲያው ይገባዋል።

ከሁለቱ የትኛው ይቅደም የሚለውን የሚወስነው ማስታወቂያው ነው። ቀጣሪው በጤና ላይ የሚሠራ ድርጅት ከሆነ ጥናቱ፣ ባንክ ወይም አከፋፋይ ከሆነ ሱቁ ይቀድማል። ሁለተኛው ሥራ በሁለት ዓረፍተ ነገር ካለፈ ይበቃል፤ ደብዳቤው ከአንድ ገጽ መብለጥ የለበትምና። «ጉዳዩ» በሚለው መስመር ላይ የሥራ መደቡ ስም ማስታወቂያው ላይ በተጻፈበት መልክ ይቀመጥ። ማስታወቂያው በእንግሊዝኛ የወጣ ከሆነ ደብዳቤውም በእንግሊዝኛ ይጻፋል፤ ይዘቱ ግን አይለወጥም።

ብዙ ጊዜ ደብዳቤውን የሚያበላሸው ማጋነን ነው። የአንድ ሱቅ የጥቂት ወራት መዝገብ «የሽያጭ ትንበያ ሞዴል» አይወጣውም። እንደዚያ ብሎ የጻፈ አመልካች ቃለ መጠይቅ ላይ «ትንበያህን በምን ፈተሽከው?» ሲባል መልስ ያጣል። በዚህ መጠን መረጃ ወራትን ማነጻጸር እንጂ መተንበይ እንደማይቻል ደብዳቤው ራሱ በአንድ ሐረግ ቢናገር ይሻላል፤ የመረጃውን ወሰን የሚያውቅ ሰው መሆኑን ያሳያል።

ሥራውን ለማሳየት ብዙዎች ጊትሀብ ላይ ይጭኑና ሊንኩን ደብዳቤው ግርጌ ላይ ያስቀምጣሉ። መልካም ነው፤ ነገር ግን የጤና ጥናቱ ጥሬ መረጃ ለሌላ ሰው እንዳይተላለፍ ስምምነት የተፈረመበት ስለሆነ፣ መጫን ያለበት የስሌቱ ኮድና የውጤቱ ሠንጠረዥ ብቻ ነው። መረጃውን ጨምሮ የጫነ አመልካች፣ ሊንኩን ከፍቶ ለሚያይ ቀጣሪ የሰው አደራ እንደማይጠብቅ እየነገረው ነው። የሱቁም ደብተር ውስጥ ዱቤ የወሰዱ ሰዎች ስም ይኖራል፤ ስሞቹ መውጣት፣ ባለሱቁም አስቀድሞ መፍቀድ አለበት። ማመልከቻው በወረቀት የሚገባ ከሆነ ደግሞ ሊንክ ስለማይጠቅም፣ የየክልሉ ሠንጠረዥ በአንድ ገጽ ታትሞ፣ ምንጩና ክብደቱ መካተቱ ከሥሩ ተጽፎ፣ ከደብዳቤው ጋር ይያያዛል።