የመውሊድ ሌሊት እስከ ሱብሒ፦ ንባቡንና መንዙማውን እንዴት እናደራጅ?



ሽሮ ሜዳ አካባቢ የምንኖር ወንድሞችና እህቶች የረቢዑል አወል 12ኛ ሌሊትን አብረን ማሳለፍ ከጀመርን ዓመታት ሆነን። ከእነዚያ ሌሊቶች አንዱን አንረሳውም። ከዒሻ ሶላት በኋላ ወዲያው ድቤ ተመታ። ሁሉም በቃሉ የሚያውቃቸው ፈጣን መንዙማዎች በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት አለቁ። ከሌሊቱ 5 ሰዓት ላይ ቤቱ በድምፅ ተሞልቶ ነበር፤ 8 ሰዓት ላይ ግን ግማሹ ጀመዓ ግድግዳ ተደግፎ አንቀላፍቷል። የሱብሒ አዛን ሲባል የተሰለፍነው አንድ ሰፍ እንኳ አልሞላንም። የቀሩት ሲቀሰቀሱ ፀሐይ ልትወጣ ጥቂት ቀርቷት ነበር።

ነገሩ ያሳፈረን ያለ ምክንያት አይደለም። በሙስሊም ሰሒሕ በተዘገበው የዑስማን ኢብኑ ዐፋን (ረ.ዐ) ሐዲስ መሠረት ዒሻን በጀመዓ የሰገደ ግማሽ ሌሊት እንደቆመ፣ ሱብሒንም በጀመዓ የሰገደ ሌሊቱን ሙሉ እንደሰገደ ይታሰብለታል። እኛ ሌሊቱን ሙሉ ተቀምጠን ሌሊቱ የሚመዘንበትን ሶላት ልናጣው ደርሰን ነበር። ከዚያ በኋላ ተቀምጠን የተነጋገርነው ስለ አንድ ጥያቄ ነው፤ የትኛው ንባብና የትኛው መንዙማ በየትኛው ሰዓት ይምጣ?

መውሊድን ስለማክበር በዑለማዎች መካከል የአመለካከት ልዩነት እንዳለ እናውቃለን። ይህ ጽሑፍ ያንን ክርክር አይገባበትም። ሌሊቱን ለሚያዘጋጁ ሰዎች የተጻፈ ነው።

ምሳሌው ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሌሊት ሶላት

መልሱን ስንፈልግ ያገኘነው በቅርባችን ነበር። ዘይድ ኢብኑ ኻሊድ አል-ጁሀኒ (ረ.ዐ) የነቢዩን (ሰ.ዐ.ወ) የሌሊት ሶላት ሆን ብለው ተከታትለው ያዩትን ሙስሊም ዘግበውታል። ነቢዩ መጀመሪያ ሁለት ቀላል ረከዓዎችን ሰገዱ። ቀጥለው ሁለት እጅግ በጣም ረጃጅም ረከዓዎችን ሰገዱ። ከዚያ በኋላ የመጡት ጥንድ ረከዓዎች እያንዳንዳቸው ከቀደሟቸው ያጠሩ ነበሩ። በመጨረሻ ዊትር ሰገዱ፤ ድምሩም 13 ረከዓ ሆነ።

ቅርፁን ልብ እንበል። መግቢያው ቀላል ነው፤ ገላና ልብ የሚነቁበት ነው። ከባዱ ቀጥሎ ይመጣል፤ ሰው ጉልበት እያለው። ከዚያ ወዲያ ያለው ረጅሙ ክፍል ቀስ እያለ የሚወርድ ነው። እኛ ያደረግነው ግን ያለ መግቢያ ከከባዱ ጀምረን፣ መውረጃም ሳናዘጋጅ መውደቅ ነው።

ሌሊቱን መቁጠር

እቅዱ የሚጀምረው ከመጨረሻው ነው። በቡኻሪና በሙስሊም በተዘገበው ሐዲስ የሌሊቱ የመጨረሻ ሲሶ ዱዓ ተቀባይነት የሚያገኝበት፣ ምሕረት የሚለመንበት ጊዜ ነው። ስለዚህ መንዙማው እዚያ ሳይደርስ ማለቅ አለበት ብለን ተስማማን።

ስሌቱ ቀላል ነው። ለምሳሌ መግሪብ 12፡25 ገብቶ ፈጅር ከሌሊቱ 10፡55 ላይ የሚገባ ከሆነ በመካከሉ ያለው 10 ሰዓት ተኩል ነው። ሲሶው 3 ሰዓት ተኩል ስለሚሆን የመጨረሻው ሲሶ 7፡25 ላይ ይጀምራል ማለት ነው። ከዒሻ በኋላ ያለው የንባብና የመንዙማ ጊዜ እንግዲህ ወደ አምስት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ሌሊቱን ሙሉ መንዙማ መያዝ አለብን የሚለው ጭንቀት በዚህ ቀለለልን።

ኪታቡ የራሱ ቅርፅ አለው

በመውሊድ ከሚነበቡት ኪታቦች በብዙ አገር የታወቀው በ18ኛው ክፍለ ዘመን የኖሩት የመዲናው ዓሊም ጃዕፈር አል-በርዘንጂ ያዘጋጁት ነው። ቤት የሚመታ ስድ ንባብ ሲሆን በአጫጭር ምዕራፎች የተከፈለ ነው። በየምዕራፉ መካከል ጀመዓው በአንድ ድምፅ የሚለው አጭር ዱዓና ሰለዋት አለ። ሳይቸኩሉ ሲያነቡት አንድ ሰዓት ገደማ ይወስዳል። በሐረር ደግሞ የሚነበበው ዑንዋን አሽ-ሸሪፍ ነው፤ ንባቡና ዚክሪው እየተፈራረቁ ይሄዳሉ። ይህ መፈራረቅ አንባቢውንም አድማጩንም ያሳርፋል።

በበርዘንጂ ኪታብ ላይ ብዙ አዘጋጅ የማያስተውለው ነገር አለ። የነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ልደት የሚነገርበትና ብዙዎች ቆመው ሰለዋት የሚያወርዱበት ቦታ የሚገኘው በኪታቡ መጨረሻ አይደለም፤ ሩብ ያህሉ ሲነበብ ነው። የቀረው ስለ ልጅነታቸው፣ ስለ ወሕይ፣ ስለ ኢስራእ፣ ስለ ሂጅራ፣ ስለ መልካቸውና ስለ ጠባያቸው ይናገርና በዱዓ ይዘጋል። ኪታቡ ቶሎ ወጥቶ ረጅም መንገድ ይወርዳል ማለት ነው። በ2 ሰዓት ከተጀመረ የሌሊቱ ጫፍ 3 ሰዓት ሳይሞላ ያልፋል፤ ሰው ገና ከሥራ መጥቶ ሳይሰበሰብ። በ7 ሰዓት ከተጀመረ ደግሞ ጫፉ ከተሀጁድ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ የሌሊቱ ሁሉ ቁልፍ ኪታቡ የሚከፈትበት ሰዓት ነው።

እኛ የሠራንበት አከፋፈል

ከዒሻ በኋላ እራት ቀለል ብሎ ይቀርባል። ከባድ ምግብ ሰውን በ4 ሰዓት ያስተኛዋል። ከ2፡30 እስከ 3፡30 ቁርኣን በተርቲል ይቀራል። ሦስት ወይም አራት ቃሪኦች አጠር አጠር አድርገው ይቀራሉ። እኛ ሱረቱ አድ-ዱሓን፣ ሱረቱ አሽ-ሸርሕን፣ ከሱረቱል አሕዛብም በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ላይ ሰለዋት ማውረድ የታዘዘበትን ክፍል መረጥን። ከእያንዳንዱ ቂራአት በኋላ አንድ ኡስታዝ ትርጉሙን ለአምስት ደቂቃ ያህል በአማርኛ ይነግራል፤ ምክንያቱም ሰው ያልገባውን ነገር ለረጅም ሰዓት ነቅቶ አይሰማም።

ከ3፡30 እስከ 4፡30 ያለ ድቤ ሦስት መንዙማ ይባላል። እዚህ የምንመርጠው ዜማው ዝግ ያለ፣ አዝማቹ አጭር የሆነ፣ እንግዳም ሁለቴ ሰምቶ ሊቀበለው የሚችለውን ነው። የወሎ ሼኾች መንዙማን በዐረብኛ፣ በአማርኛና በኦሮምኛ ያዘጋጁ ስለነበር ምርጫው ሰፊ ነው። የመጀመሪያው በጀመዓው ሁሉ ቋንቋ፣ ለእኛ በአማርኛ፣ እንዲሆን እናደርጋለን። የታወቁትንና ሰው የሚጓጓላቸውን ሆን ብለን እናቆያቸዋለን።

4፡30 ላይ ኪታቡ ይከፈታል። ከልደቱ ምዕራፍ በፊት ሁለት መንዙማ በመካከል ይገባል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ጥቂት ፈጠን ይላል፣ ጭብጨባም ይጨመርበታል። በዚህ አካሄድ ልደቱ 5፡30 አካባቢ ይደርሳል። ድቤው ለመጀመሪያ ጊዜ የሚመታው እዚህ ነው። ሰለዋቱ ቆመን ይወርዳል፤ ሁለት ፈጣን መንዙማዎች ይከተላሉ፤ ከግማሽ ሰዓት ግን አያልፍም። ሦስተኛ እንዲጨመር ሁልጊዜ ይጠየቃል። መልሳችን አይሆንም ነው። ያ ሦስተኛው መንዙማ የሚከፈለው ከሱብሒ ጉልበት ነው።

ከ6 ሰዓት እስከ 7፡15 የቀረው ኪታብ ይነበባል። በመካከሉ ሁለት መንዙማ ብቻ ይገባል። የመጀመሪያው ድቤው እየለሰለሰ፣ ሁለተኛው ያለ ድቤ፣ ይዘቱም ከውዳሴ ወደ ልመና የሚዞር ይሆናል። የኪታቡ ዱዓ ሲያልቅ መብራት ይቀነሳል፣ ቡና ይቀርባል፣ ውዱእ ይታደሳል። የሽሮ ሜዳ ሌሊት ከእንጦጦ በሚወርደው ነፋስ ብርድ ስለሆነ የውዱእ ውኃ ማሞቅ ትንሽ የሚመስል ግን ብዙ ሰው የሚያቆይ ሥራ ነው።

ከ8 ሰዓት በኋላ ተሀጁድ ይሰገዳል፤ በዘይድ ሐዲስ ቅርፅ፣ ሁለት ቀላል፣ ሁለት ረጅም፣ ከዚያ እያጠረ። ዊትር ካለቀ በኋላ የደከመው ጎኑን ያሳርፋል። እንቅልፍ የያዘው ሰው እየሰገደ ከሚታገል ይተኛ የሚለው ነቢያዊ መመሪያ በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧልና ማንንም አንነቅፍም። ለመቀስቀስ ግን ሁለት ሰው በስም ይመደባል። ከ10 ሰዓት በኋላ እያንዳንዱ በልቡ ኢስቲግፋር ይላል፤ ድምፅ ማጉያ አይከፈትም።

እንዴት ይታወቃል?

አውራጁ ጆሮውን በተቀባዮቹ ላይ ማድረግ አለበት። ተቀባዩ አውራጁ ሳይጨርስ አዝማቹን ከጀመረ ፍጥነቱ ከተያዘለት ልክ እያለፈ ነው፤ የሚቀጥለው ስንኝ ረገብ ብሎ መውረድ ይኖርበታል። ድምፁ ከፍ ብሎ ግን የሚቀበሉት ከፊት ያሉት ጥቂት ወጣቶች ብቻ ከሆኑ ድቤው የጀመዓውን ዝምታ እየሸፈነው ነው። ያኔ ድቤውን ለአንድ መንዙማ ማቆም እውነቱን ያሳያል። ከኋላ ሰው ወሬ ከጀመረ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ንባቡ ረዝሟል ማለት ነው፤ ወደ አጭር አዝማች መመለስ ይበጃል።

በአንዳንድ ቦታ ሌሊቱን ለማንቃት ጫት ይቀርባል። ምርቃናው ሲያልፍ የሚመጣው ድብርት ግን ብዙ ጊዜ የሚገጥመው ልክ በተሀጁድና በሱብሒ ሰዓት ነው። እኛ ትተነዋል።

ይህ አከፋፈል ለእያንዳንዱ ቦታ እንዳለ አይሠራም። የፈጅር ሰዓት በዓመቱ ውስጥ ይለዋወጣል፤ ረቢዑል አወልም በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ወደ ኋላ ይመጣል፤ ስለዚህ ሲሶው በየዓመቱ እንደገና ይቆጠር። ሕፃናትና አዛውንት የሚበዙበት ጀመዓም ጫፉን ወደ 4፡30 ቢያቀርበው ይሻላል። እኛ በዚህ መንገድ ባሳለፍነው የመጀመሪያ ሌሊት ከጫፉ በኋላ ወደ ቤታቸው የሄዱ ነበሩ። የቀሩት ግን ሱብሒን በሦስት ሰፍ ሰገዱ።

ወላሁ አዕለም።