መስማት የደከመው ሠራተኛ ለአስተዳዳሪው የሚጽፈው ደብዳቤ

በላስታ ደጋ በሚገኝ አንድ ደብር የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ የሆነ ሰው ለምሳሌ ያህል እናስብ። ቃለ ጉባኤ ይይዛል፤ ስእለት ይመዘግባል፤ ስልክ ያነሣል። ከጥቂት ጊዜ ወዲህ መዝገቡ ላይ ስሕተት መታየት ጀምሯል። አንድ ምእመን ሰንጋ «ሰጠ» ተብሎ የተነገረው «ሸጠ» ተብሎ ተጽፏል። አስተዳዳሪው ቸልተኝነት መስሏቸው ገሠጹት። በኋላ በጆሮ ምርመራ ሁለቱም ጆሮዎቹ በመካከለኛ ደረጃ መድከማቸው ታወቀ። ይህ ሰው ለአስተዳዳሪው ምን ብሎ ይጻፍ?

አስቀድመን ጆሮው ምን እንዳጣ እንረዳ። በዕድሜ ወይም በጩኸት ብዛት የሚመጣ ድካም አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከቀጫጭን ድምፆች ነው። አናባቢዎቹ ወፍራም ስለሆኑ ይሰማሉ፤ እንደ ሰ፣ ሸ እና ፈ ያሉት ተነባቢዎች ግን ይጠፋሉ ወይም ይምታታሉ። ስለዚህ ሰውየው «ድምፅ እሰማለሁ፣ ቃሉን ግን አልለይም» ይላል። ጮክ ብለን ብንናገርለት የሚጎላው ቀድሞውንም የሚሰማው ክፍል ነው። ስልክም ቀጫጭኑን ድምፅ ቆርጦ ስለሚያስቀር ችግሩን ያብሰዋል። የመስሚያ መሣሪያ ይረዳል፤ ነገር ግን ከንግግሩ ጋር የክፍሉን ጫጫታና የድንጋይ ግድግዳ የሚመልሰውን ገደል ማሚቶ አብሮ ያጎላል።

እንግዲህ «ታምሜአለሁና ይታሰብልኝ» የሚል ደብዳቤ ለማንም አይጠቅምም። አስተዳዳሪው ከእንዲህ ያለው ጽሑፍ የሚረዱት ሠራተኛው ዕረፍት ወይም ጡረታ እንደፈለገ ነው። ጥሩ ደብዳቤ ስለ በሽታው በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናግሮ ወደ ሥራው ይሄዳል። የጸሐፊያችንን ደብዳቤ እንዲህ አዘጋጅተነዋል፦

«ጉዳዩ፦ የሥራ ሁኔታ እንዲመቻችልኝ ስለመጠየቅ። በተደረገልኝ ምርመራ የሁለቱም ጆሮዎቼ የመስማት ኃይል በመካከለኛ ደረጃ መቀነሱ ተረጋግጧል፤ የሐኪሙ ማስረጃ ተያይዟል። የጽሕፈት ሥራ፣ የሒሳብ ምዝገባና ባለጉዳይን ፊት ለፊት ማስተናገድ እንደ ቀድሞው እሠራለሁ። የሚያስቸግሩኝ ብዙ ሰው የሚናገርበት ስብሰባና ስልክ ናቸው። ስለዚህ በስብሰባ ጊዜ መስኮቱን ከጀርባዬ አድርጌ ከሰብሳቢው ፊት ለፊት እንድቀመጥ፣ ተናጋሪዎች በየተራ እንዲናገሩ፣ እያንዳንዱ ውሳኔ ከመጽደቁ በፊት እንዲነበብ፣ የገንዘብና የቀን ጉዳይም በጽሑፍ መልእክት እንዲደርሰኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከሦስት ወር በኋላ ውጤቱን አብረን እንድናየው አመለክታለሁ።»

የመስኮቱ ነገር ትንሽ ሊመስል ይችላል። መስኮቱ ከተናጋሪው ጀርባ ከሆነ የተናጋሪው ፊት ይጨልማል፤ ጆሮው የደከመ ሰው ደግሞ ግማሹን የሚያነበው ከከንፈር ነው። በደጋ ብርድ ጋቢን እስከ አፍንጫ ስቦ መናገር የተለመደ ስለሆነ ይህም ቢታሰብበት መልካም ነው። ውሳኔን መልሶ ማንበብ ለጸሐፊው ብቻ ሳይሆን ለጉባኤውም ይጠቅማል፤ «ሸጠ» የሚለው ቃል እዚያው ይታረም ነበር። ከተጠየቁት ነገሮች አንዱም ደብሩን ገንዘብ አያስወጣም።

ደብዳቤው ቀን ይኑረው፤ በሁለት ቅጂ ይዘጋጅ፤ አንዱ ገቢ ተደርጎ ሌላው ማኅተም ተመቶበት በሠራተኛው እጅ ይቅር። የምርመራው ውጤት ምሥጢር ስለሆነ አስተዳዳሪው የትኛውን ክፍል ለማን እንደሚገልጹ ከሠራተኛው ጋር ይስማሙ። ለጉባኤው አባላት የአቀማመጡንና የአነጋገሩን ሥርዐት መንገር ይበቃል።

በሕግ በኩል አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለአካል ጉዳተኛ ሠራተኛ ተስማሚ የሥራ ሁኔታ እንዲያመቻች ያዛል። ወሰንም አለው፤ አሠሪው ከባድ ጫና ይደርስብኛል ቢል የማስተካከያው ወጪ፣ የድርጅቱ ስፋትና የሠራተኞቹ ብዛት ይታያሉ። አዋጁ በቀጥታ የሚናገረው ስለ መንግሥት መሥሪያ ቤቶችና በአሠሪና ሠራተኛ ሕግ ስለሚተዳደሩ ድርጅቶች ነው። ይሁን እንጂ መለኪያው ለማንኛውም የሰበካ ጽሕፈት ቤት የሚመች ይመስለናል፤ «ወጪው ስንት ነው? አቅማችንስ ምን ያህል ነው?» ብሎ መጠየቅ «ይህ ሰው ይችላል ወይስ አይችልም?» ከማለት የተሻለ ውይይት ይከፍታል።

አስተዳዳሪው መልሱን በጽሑፍ ይስጡ። የማይቻል ጥያቄ ካለም ምክንያቱንና በምትኩ የሚቻለውን ይግለጹ። ሦስት ወር ሲሞላ የዚያን ጊዜ ቃለ ጉባኤ ከቀድሞው ጋር ያስተያዩ፤ ስሕተቱ ካልቀነሰ ስብሰባው በትንሽ ክፍል እንዲደረግ ወይም አጠገቡ ተቀምጦ ማስታወሻ የሚይዝ ሰው እንዲመደብ ይታይ። በዚህ መካከል «ሰማህ?» ብሎ መጠየቅ አይጠቅምም፤ ያልሰማ ሰው አፍሮ «አዎን» ይላል። «ምን ብለህ ጻፍኸው? እስኪ አንብብልን» ቢባል ግን ወዲያው ይታወቃል።