የሊነን ሸሚዝ በኦንላይን ሲሸጥ መግለጫው ምን ይበል?

«ውብና ምቹ የሊነን ሸሚዝ» የሚል መግለጫ ለገዢዋ የሚነግራት ነገር የለም። ጨርቁን መዳሰስም ሆነ ለብሶ መሞከር ስለማትችል የምትተማመነው በተጻፈላት ብቻ ነው።

ሊነን የሚሠራው ከተልባ ተክል ግንድ ከሚወጣ ጭረት ነው። ሙሉ በሙሉ ሊነን ከሆነ 100% ይባል፤ 55% ሊነንና 45% ጥጥ ከሆነም እንደዚያው ይጻፍ። ቶሎ መጨማደዱን መደበቅ ደግሞ ተገቢ አይደለም፤ የጨርቁ ጠባይ ነው።

ብዙ ቅሬታ የሚመጣው ግን ከልኩ ነው። ፊቱ ተደራርቦ በጎን በኩል የሚታሰር ሸሚዝ ለማንም የሚሆን ይመስላል። ማሰሪያው የሚያስተካክለው ወገቡን ብቻ ነው፤ ትከሻውና ክንዱ እንደተሰፋ ይቀራል፣ ሊነንም እምብዛም አይለጠጥም። ደረቱ ከጠበበ ድርቡ እየተከፈተ ያስቸግራል።

ስለዚህ ሸሚዙን አስሮ ጠረጴዛ ላይ መዘርጋትና ከብብት እስከ ብብት መለካት ያስፈልጋል። 52 ሴንቲ ሜትር ከሆነ ዙሪያው 104 ነው። የደረቷ ዙሪያ 94 ለሆነ ሴት 10 ሴንቲ ሜትር ይተርፋታል፤ ይህ በደንብ ይበቃል። ጨርቁ ከመሰፋቱ በፊት ካልታጠበና በመጀመሪያው እጥበት 4% ከገባ ግን ዙሪያው ወደ 100 ይወርዳል፤ ትርፉም 6 ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለው ሸሚዝ ስትቀመጥና እጇን ስትዘረጋ ፊቱ ሊከፈት ይችላል። «ጨርቁ ቀድሞ ታጥቧል» ወይም «አልታጠበም» የሚለው አንድ መስመር ከመግለጫው መቅረት የለበትም።