ድርሰት ሲታረም፦ በጥቅሉ ወይስ በዝርዝር?

እ.ኤ.አ. በ1961 ፖል ዲዴሪክ የተባለ አሜሪካዊ የፈተና ባለሙያ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር አንድ ጥናት አወጣ። የኮሌጅ ጀማሪ ተማሪዎች የጻፏቸው 300 ድርሰቶች ለ53 አራሚዎች ተሰጡ። አራሚዎቹ የቋንቋ መምህራን ብቻ አልነበሩም፤ የማኅበራዊና የተፈጥሮ ሳይንስ መምህራን፣ ጸሐፊዎችና አርታኢዎች፣ ጠበቆችና የንግድ ሥራ ኃላፊዎችም ነበሩባቸው። መስፈርት ሳይሰጣቸው፣ በየራሳቸው ሚዛን ከ1 እስከ 9 ነጥብ እንዲሰጡ ብቻ ተነገራቸው። ውጤቱ ሲሰበሰብ 101 ድርሰቶች ከ1 እስከ 9 ያሉትን ነጥቦች በሙሉ አግኝተዋል። አንዱ አራሚ ከሁሉ የላቀ ያለውን ወረቀት ሌላው ከሁሉ የባሰ ብሎታል ማለት ነው።

ዲዴሪክና ባልደረቦቹ የልዩነቱን ምንጭ ፈልገው አገኙት። አራሚዎቹ ግዴለሽ አልነበሩም፤ የሚያዩት ነገር ግን የተለያየ ነበር። አንዳንዶቹ ከሁሉ በላይ ሐሳቡን ይመዝናሉ፤ ሌሎቹ የሰዋስውና የፊደል ግድፈት ይቆጥራሉ፤ የቀሩት አደረጃጀቱን፣ የቃላት አመራረጡን ወይም የጸሐፊውን የራሱን ለዛ ያያሉ። ዛሬ በድርሰት እርማት ላይ የሚነሳው ክርክር ሁሉ ከዚህ ይጀምራል።

ክርክሩ በሁለት መንገዶች መካከል ነው። አንደኛው ጥቅል እርማት ነው፤ አራሚው ድርሰቱን አንዴ አንብቦ በአጠቃላይ ስሜቱ አንድ ነጥብ ይሰጣል። ሁለተኛው ዝርዝር እርማት ነው፤ ሐሳብ፣ አደረጃጀት፣ ቃላት፣ ሰዋስው እየተባለ ለእያንዳንዱ የየራሱ ነጥብ ይሰጥና ይደመራል። ሩብሪክ የሚባለው የመስፈርት ሠንጠረዥ ለሁለቱም ሊዘጋጅ ይችላል፤ ብዙ መምህራን ሩብሪክ ሲሉ በልባቸው ያለው ግን ዝርዝሩ ነው።

ልዩነቱ የሚታየው ወረቀት ላይ ስለሆነ ሁለት ተማሪዎችን እናስብ። ሁለቱም በእንግሊዝኛ ድርሰት ጽፈዋል። የመጀመሪያዋ አፏን በአማርኛ የፈታች፣ ብዙ የምታነብና በደንብ የምታስብ ናት። ስለ ሰፈሯ የውሃ እጥረት ጽፋ ምክንያቱን ከነማስረጃው አስቀምጣለች፤ ግሦቿ ግን ጊዜ ይስታሉ፣ የፊደል ግድፈትም አለባት። ሁለተኛው ቋንቋው የጠራ ነው፤ የሚለው ግን ጥቂት ነው፣ አንዱን ሐሳብ በሦስት አንቀጽ ይደጋግመዋል።

በጥቅል እርማት ከ6 ነጥብ ለመጀመሪያዋ ሐሳብ የሚወድ መምህር 5 ይሰጣታል፤ ግድፈት የሚያስቆጣው 2 ይሰጣታል። የምታገኘው ማርክ የተመካው ወረቀቷ በማን እጅ እንደወደቀ ነው። የተመለሰላት ቁጥርም ምን እንደጎደላት አይነግራትም።

አሁን ሁለቱንም በዝርዝር እንረማቸው። ለዚህ እንግሊዝኛን በሁለተኛ ቋንቋነት ለሚማሩ እ.ኤ.አ. በ1981 የወጣ አንድ የታወቀ መስፈርት አለ። ከ100 ነጥብ ለሐሳብ 30፣ ለአደረጃጀት 20፣ ለቃላት 20፣ ለሰዋስው 25፣ ለፊደልና ሥርዓተ ነጥብ 5 ይመድባል። ተማሪዋ በዚሁ ቅደም ተከተል 27፣ 17፣ 13፣ 14 እና 3 አገኘች እንበል፤ ድምሩ 74 ነው። ልጁ 18፣ 14፣ 17፣ 22 እና 5 አገኘ፤ ድምሩ 76 ነው። በሁለት ነጥብ ብቻ ተለያይተዋል፤ የሁለቱ ጥንካሬና ድካም ግን ፍጹም የተለያየ መሆኑ ቁልጭ ብሎ ይታያል። እሷ ሰዋስው መሥራት አለባት፤ እሱ ማንበብና ማሰብ።

እዚህ ላይ ብዙ ትምህርት ቤቶች የሚሳሳቱት ነገር አለ። ሠንጠረዡ ስላማረ ብቻ አምስቱን መስፈርቶች እኩል ይመዝኗቸዋል። ያንኑ ነጥብ ለእያንዳንዱ መስፈርት 20 ሰጥተን ብናሰላው ተማሪዋ ወደ 71 ትወርዳለች፤ ልጁ ወደ 81 ይወጣል። ድርሰቶቹም የአራሚው ዳኝነትም አልተለወጡም። የተለወጠው ነገር ቢኖር የነጠላ ሰረዝ አቀማመጥ ከሐሳብ ጋር መተካከሉ ነው። ስለዚህ በዝርዝር እርማት ዋናው ፍርድ የሚሰጠው ወረቀቱ ከመነበቡ በፊት፣ ክብደቱ ሲወሰን ነው። ተማሪው ያንን ክብደት ከመጻፉ በፊት ካላወቀው ፍትሐዊ አይደለም እላለሁ።

ዝርዝር እርማት ሌላም ድካም አለበት። አራሚው በመጀመሪያው አንቀጽ ከተማረከ ሰዋስውም አደረጃጀቱም የተሻለ መስሎ ይታየዋል፤ ከተናደደም እንዲሁ። ይህ መድረሱን ለማወቅ የማርክ መዝገቡን ማየት ይበቃል። አንዱ ተማሪ በሁሉም መስፈርት 4፣ ሌላው በሁሉም 3፣ ሌላው በሁሉም 2 ከሆነ፣ መምህሩ በጥቅሉ ፈርዶ ሠንጠረዡን በኋላ ሞልቶታል ማለት ይቻላል። የሚረዳው ስሙን ሸፍኖ የሁሉንም ተማሪ ሐሳብ መጀመሪያ ማረም፣ ከዚያ ወረቀቶቹን አደበላልቆ ወደ ሰዋስው መሄድ ነው። አድካሚ ነው፤ ግን ይሠራል።

ታዲያ ጥቅል እርማት ፍትሐዊ የሚሆንበት ጊዜ የለም? አለ። በአሜሪካ ትልልቅ ፈተናዎች ለዓመታት በዚህ ሲታረሙ የኖሩት ያለምክንያት አይደለም። አራሚዎች አንድ ላይ ተቀምጠው ለየነጥቡ በተመረጡ የናሙና ድርሰቶች ይለማመዳሉ፤ 4 ምን እንደሚመስል፣ 5 ምን እንደሚመስል ተስማምተው ነው የሚጀምሩት። ከዚያ እያንዳንዱን ወረቀት ሁለት ሰዎች ሳይተያዩ ያርሙታል። እ.ኤ.አ. በ2005 በተጀመረው የኤስኤቲ ድርሰት ሁለቱ አራሚዎች ከአንድ ነጥብ በላይ ከተለያዩ ሦስተኛ አራሚ ይገባ ነበር። በዚህ ሥርዓት ሲሠራ ጥቅል እርማት ፈጣንም ታማኝም ነው። እኛ ክፍል ውስጥ የምናየው ግን ብዙ ጊዜ ፍጥነቱን ብቻ የወሰደ ነው፤ ናሙና የለም፣ ሁለተኛ አራሚ የለም፣ አንድ የደከመ መምህር ብቻውን አለ።

ለአንዳንድ ጽሑፍም ጥቅሉ ይሻላል። አጭር ልቦለድ ወይም ወግ ክፍሎቹ ተደምረው የሚገኝ ነገር አይደለም፤ ሰዋስው የተሳሳተበት የገጸ ባሕርይ ንግግር ለታሪኩ ውበት ሊሆን ይችላል። ዝርዝር መስፈርት እንዲህ ያለውን ይቀጣል፤ በቅርጽ የተሟላ ነገር ግን ሕይወት የሌለውን ደግሞ ይሸልማል። በአሜሪካ ኤፒ የሚባለው የሁለተኛ ደረጃ የእንግሊዝኛ ፈተና እስከ 2019 ድርሰትን በጥቅሉ ከ0 እስከ 9 ያርም ነበር። ከዚያ ወዲህ ወደ ዝርዝር ተዛውሮ ለዋና ሐሳብ 1፣ ለማስረጃና ትንታኔ 4፣ ለአስተሳሰብ ምጥቀት 1 ይሰጣል። የመጨረሻዋ ነጥብ በዝርዝሩ የማይያዘውን ለመያዝ የገባች ትመስለኛለች፤ ለማስተማርም ለማረምም የምታስቸግረው እሷው ናት።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። በሁለተኛ ቋንቋ የሚጽፉ ተማሪዎች ችሎታቸው ወጣ ገባ ስለሆነ በዝርዝር ይታረሙ፤ ለውጭ ትምህርት ብዙ ኢትዮጵያውያን የሚፈተኑት አይኤልትስም ጽሕፈትን በአራት እኩል መስፈርቶች ነው የሚያርመው። ለብቻው የሚያርም መምህርም ዝርዝሩን ይያዝ፤ መስፈርቱ ግን ከሦስት ወይም ከአራት አይብለጥ፣ ሐሳብ ትልቁን ድርሻ ይውሰድ። ለፈጠራ ጽሑፍ ጥቅሉ ይሁን፤ ናሙና ግን ይቅደም። ማርኩ ማለፍና መውደቅን የሚወስን ከሆነ በየትኛውም መንገድ ይታረም፣ ሁለተኛ ሰው ያንብበው። ወላጆችም የልጃችሁ ድርሰት 60 አግኝቶ ሲመለስ ቁጥሩን ተቀብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ከምን ከምን እንደተደመረ መምህሩን ጠይቁ።