ከሁለቱ ትልቁ

የኦፍሴት ማተሚያ ማሽን ቆጣሪ አለው። አንድ ወረቀት ባለፈ ቁጥር አንድ ይጨምራል። ጥሩ ኦዲተር ቢሮ ገብቶ ደረሰኝ ከማገላበጡ በፊት ወደ ማሽኑ ጎራ ይልና ቆጣሪውን አንብቦ ከአምናው ንባብ ጋር ያስተያየዋል። በዓመቱ ያለፈው የወረቀት ቁጥር በግማሽ ከወረደ፣ የቀለም ማጠራቀሚያው ደርቆ ከተሰነጠቀና ማሽኑ ላይ የተጣለው ላስቲክ አቧራ ከጠጣ፣ ባለቤቱ ምንም ሳይነግረው አንድ ጥያቄ ይዞ ይወጣል፦ ይህ ማሽን በመዝገብ ላይ የተጻፈለትን ያህል ያወጣል?

ጥያቄው አይኤኤስ 36 በሚባለው ዓለም አቀፍ የሂሳብ ደረጃ ውስጥ መልስ አለው። የሂሳብ ባለሙያዎች ጉዳዩን በአጭሩ ኢምፔርመንት ይሉታል። በአገራችንም የፋይናንስ ሪፖርት አዋጅ ቁጥር 847 ከወጣ ወዲህ ዓለም አቀፉን ደረጃ ለሚከተሉ ድርጅቶች ግዴታ ሆኗል።

ከእርጅና ቅናሽ ጋር መምታታት የለበትም። የእርጅና ቅናሽ የማሽኑን ዋጋ በአገልግሎት ዘመኑ ላይ ያከፋፍላል እንጂ ማሽኑ ዛሬ ስንት እንደሚያወጣ አይጠይቅም። ኢምፔርመንት የሚጠይቀው ይህንኑ ነው፤ የሚጠይቀውም ምልክት ሲታይ ነው። ምልክቱ ከውስጥ ሊመጣ ይችላል፦ ብልሽት፣ ሥራ መፍታት፣ ክፍሉን ለመዝጋት የተያዘ ዕቅድ። ከውጭም ይመጣል። ኢትዮጵያ ከታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ከአሜሪካ የአጎአ ዕድል ስትወጣ፣ ለዚያ ገበያ ይሰፉ የነበሩ የልብስ ፋብሪካዎች መኪኖች አንድም ብሎን ሳይፈታ ጥያቄው ተነስቶባቸዋል።

ወደ ማተሚያ ቤቱ እንመለስና ቁጥር እንስጠው። ማሽኑ በ12 ሚሊዮን ብር ተገዛ እንበል። የአገልግሎት ዘመኑ 10 ዓመት ነው፤ በየዓመቱ 1.2 ሚሊዮን ብር የእርጅና ቅናሽ ይያዝለታል። ከአራት ዓመት በኋላ በመዝገብ የቀረው 7.2 ሚሊዮን ብር ነው። በዚያው ዓመት ዋናው የመማሪያ መጻሕፍት ደንበኛ ሥራውን ወደ ሌላ ቤት ወሰደ። ቤቱ ያለው ማተሚያ ይህ አንድ ብቻ ነው፤ ጥረዛውን በክፍያ ውጭ ያሠራል። ስለዚህ ማሽኑ የሚያስገባውን ገንዘብ ለብቻው መለየት ይቻላል። አንዱ ያለ ሌላው ገቢ በማያመጣበት የማምረቻ መስመር ላይ ቢሆን ኖሮ ፈተናው በመስመሩ ሁሉ ላይ ይደረግ ነበር።

አሁን ሁለት ዋጋዎች ይሰላሉ። አንደኛው ማሽኑ ዛሬ ቢሸጥ፣ ከደላላ ክፍያና ከመፍቻ ወጪው በኋላ የሚተርፈው ነው። ሁለተኛው ማሽኑ እየሠራ በቀረው ዕድሜው የሚያስገባው የተጣራ ገንዘብ ወደ ዛሬ ዋጋ ሲመለስ የሚወጣው ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ሂሳብ ጠንቃቃ ነው የሚል ትምህርት በልቡ የቀረ ሁሉ፣ ከሁለቱ ትንሹን አንስቶ ከመዝገቡ ጋር ያወዳድራል። ደረጃው የሚለው ግን ትልቁን ነው። ምክንያቱም ባለቤቱ ምርጫ አለው። በሬ ያለው ገበሬ ወይ ያርስበታል ወይ ገበያ ያወጣዋል፤ ማረሱ ካላዋጣው ይሸጠዋል፤ በሬው ለእሱ የሚያወጣው የሚሻለው መንገድ የሚያስገኝለትን ነው። አንዱ መንገድ ስለተበላሸ ብቻ ኪሳራ መመዝገብ ያልደረሰ ጉዳት መጻፍ ነው።

በማተሚያ ቤቱ ሂሳብ፣ ተመሳሳይ ዕድሜና ሞዴል ያለው ማሽን በ5.7 ሚሊዮን ብር ይሸጣል፤ ማስፈቻና ደላላ 300 ሺህ ይወስዳል። የሚተርፈው 5.4 ሚሊዮን ነው። በሥራ ላይ ቢቆይ ደግሞ በየዓመቱ 1.5 ሚሊዮን ብር የተጣራ ገንዘብ ለስድስት ዓመት ያስገባል። ይህ 9 ሚሊዮን ይመስላል፤ ግን የዛሬ ዓመት የሚመጣ 1.5 ሚሊዮን በ20 በመቶ ተመን ሲመለስ ዛሬ 1.25 ሚሊዮን ብቻ ነው፤ የስድስተኛው ዓመት ወደ 500 ሺህ ይወርዳል። ሲደመር ወደ 4.99 ሚሊዮን ብር ይሆናል። ከሁለቱ ትልቁ 5.4 ሚሊዮን ነው፤ ኪሳራው 1.8 ሚሊዮን ብር። ትንሹን ያነሳ ሰው ግን 2.21 ሚሊዮን ይጽፍ ነበር።

ነገሩ ከዚህም አልፎ ይገርማል። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ወደ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። ከውጭ የሚመጣ ማሽን በብር ሲወደድ አገር ውስጥ ያለው አሮጌ ማሽንም ይወደዳል። የእኛ ማተሚያ በገበያ 8 ሚሊዮን ቢያወጣና ለመሸጥ 400 ሺህ ቢፈጅ፣ 7.6 ሚሊዮን ይተርፋል። ይህ ከ7.2 ሚሊዮኑ ይበልጣል። ሥራው ቀዝቅዟል፣ ቆጣሪው ያዘግማል፤ ኢምፔርመንት ግን የለም። ይህን ለባለቤት ማስረዳት ቀላል አይደለም፤ «ማሽኔ ሥራ ፈቶ እንዴት ኪሳራ የለም ትለኛለህ?» የሚል አለ።

የገበያውን ዋጋ ከየት እንደሚያመጡት ግን ጥንቃቄ ይሻል። አንዳንዶች ባንክ ለብድር መያዣ ያስገመተውን የግዳጅ ሽያጭ ዋጋ ያቀርባሉ። ያ ተቻኩሎ ለሚሸጥ የሚገመት ነው፤ ደረጃው የሚፈልገው ሁለቱም ወገን ሳይገደዱ የሚስማሙበትን ዋጋ ነው። ደላላ በስልክ የጠራው የመጀመሪያ ዋጋም ሽያጭ አይደለም። ተመሳሳይ ማሽን በእርግጥ በስንት እንደተሸጠ መጠየቅ ይሻላል።

በሁለተኛው ስሌትም የሚደጋገሙ ጥፋቶች አሉ። የብድር ወለድ ከወጪው ውስጥ አይገባም፤ ተመኑ ውስጥ አስቀድሞ አለና። ወደፊት ይገዛል የተባለ ተጨማሪ የቀለም ክፍል የሚያመጣው ገቢም አይቆጠርም፤ ማሽኑ የሚገመተው ዛሬ ባለበት ሁኔታ ነው። ከሁሉ የሚከፋው በዋጋ ንረት ላይ የሚሠራው ነው፦ ገቢውን ለስድስት ዓመት በዛሬ ዋጋ አስቀምጦ፣ ንረትን ያካተተ ተመን መጫን። እንዲህ ሲሆን ንረቱ ማሽኑን አንድ ጊዜ ያለ አግባብ ይቀጣዋል፣ ኪሳራውም ይጋነናል። ወይ ገቢውም ተመኑም ንረትን ይያዙ፣ ወይ ሁለቱም ይተዉት።

ኪሳራው 1.8 ሚሊዮን ከተመዘገበ በኋላ የእርጅና ቅናሹም ይለወጣል። 5.4 ሚሊዮኑ ለቀሪው ስድስት ዓመት ሲካፈል በዓመት 900 ሺህ ይሆናል። ብዙ የሂሳብ ሠራተኛ ይህን ይረሳና የድሮውን 1.2 ሚሊዮን ይቀጥላል፤ ማሽኑም ከዕድሜው በፊት በመዝገብ ያልቃል።

ከሁለት ዓመት በኋላ ደንበኛው ቢመለስስ? የማሽኑ የመዝገብ ዋጋ ያኔ 3.6 ሚሊዮን ነው። አዲሱ ስሌት 6 ሚሊዮን ቢያሳይም ወደዚያ አይነሳም። ጣሪያው ኪሳራው ባይመዘገብ ኖሮ ይቀር የነበረው ነው፦ 7.2 ሚሊዮን ሲቀነስ የሁለት ዓመት የ1.2 ሚሊዮን ቅናሽ፣ ማለትም 4.8 ሚሊዮን ብር። ስለዚህ የሚመለሰው 1.2 ሚሊዮን ብር ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ በላይ ያለውን 1.2 ሚሊዮን ማተሚያ ቤቱ ማሽኑን በየጊዜው እንደገና እያስገመተ የሚመዘግብ ካልሆነ በቀር በመጽሐፉ አያገኘውም።